የጋቢ ገዢዎች ደጋግመው የሚሉትን ወደ ትክክለኛ የዕቃ መግለጫ መለወጥ

ቴሌግራም ላይ ጋቢ የሚሸጡ ቻናሎችን ብትዞሩ የሚጻፈው ተቀራራቢ ነው። «ምርጥ ጥራት፣ ሙቅና ለስላሳ፣ 100% ጥጥ። ይደውሉልን።» ገዢው ከዚህ ብዙ አይረዳም። ርዝመቱ ስንት ነው? ከታጠበ በኋላስ? ረጅም ሰው ሲለብሰው እግር ድረስ ይሸፍናል? ውጭ አገር ላለች እህቴ ብልክላት ማሽን ውስጥ ማስገባት ትችላለች?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አብዛኛው እጃችሁ ላይ አለ። ከዚህ በፊት የገዙ ሰዎች በኢንቦክስ፣ በስልክና በኮሜንት ነግረዋችኋል። ግን ያሉትን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም። ገዢ የሚናገረው የተሰማውን ነው። መግለጫ ደግሞ ዕቃው ምን እንደሆነ መናገር አለበት። በሁለቱ መካከል ማጣራት አለ፣ መለካትም አለ።

እዚህ ሥራውን በጋቢ እናየዋለን። ጋቢ የእጅ ሥራ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ መግለጫው ላይ በቀላሉ ስህተት ይገባል። ከታች የምታዩዋቸው የልኬት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ናቸው። በራሳችሁ ዕቃ ልኬት ተኳቸው።

መጀመሪያ፦ ቃሉን እንዳለ ያዙ

ደብተር ወይም ኤክሴል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ አስተያየት አንድ መስመር ስጡ። መስመሩ ላይ አምስት ነገር ይግባ፦ ቀኑ፣ የትኛው ጋቢ እንደሆነ፣ ሸማኔው ማን እንደነበር፣ ገዢው የተናገረው ቃል እንዳለ፣ እና ጋቢው የት አገር ወይም ከተማ እንዳለ። ስልክ ቁጥርና ሙሉ ስም አያስፈልግም። «ገዢ 14» ማለት ይበቃል።

«እንዳለ» የሚለውን በቁም ነገር ያዙት። ገዢዋ «ካጠብኩት በኋላ እግሬን አልደርስ አለኝ» ካለች፣ እንደዚያው ጻፉት። «መጠኑ ትንሽ ነው» ብላችሁ ካሳጠራችሁት «ካጠብኩት በኋላ» የሚለው ይጠፋል። ዋናው መረጃ ደግሞ እሱ ነበር። በስልክ የተነገራችሁንም ስልኩን እንደዘጋችሁ ጻፉት፤ ማታ ላይ ስታስታውሱት የገዢው ቃል ሳይሆን የእናንተ ትርጉም ይሆናል።

የሸማኔውን ስም መጻፍ ብዙዎች ይተዉታል። ግን ሽሮሜዳ ከሦስት ሸማኔዎች የምትረከቡ ከሆነ፣ «ሳሳ ያለ ነው» የሚለው ቅሬታ የሦስቱም ነው ወይስ የአንዱ ብቻ የሚለውን በሌላ መንገድ አታውቁትም። የአንዱ ብቻ ከሆነ መግለጫ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ከሸማኔው ጋር የምትነጋገሩበት ነው።

ቢያንስ ያለፉትን ስድስት ወራት መልእክቶች ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። ክረምቱ ከገባበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ስለ ሙቀት የሚባለው በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው።

ተመሳሳይ የሚመስለውን መለየት

አሁን መስመሮቹን ስታነቡ የሚደጋገም ነገር ይታያችኋል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ የተለያየ ነገርን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ሌላው አንድ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት ነው።

የመጀመሪያውን በምሳሌ እንየው። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉ እንበል፦

«ከተባለው ያንሳል፣ ስለካው 230 ነው።»
«አንድ ጊዜ ታጥቦ አጠረ።»
«ባለቤቴ ረጅም ነው፣ ተኝቶ እግሩን አይሸፍንለትም።»
«ትንሽ ነው፣ ቡሉኮ መስሎኝ ነበር።»

አራቱም «መጠን» በሚል ርዕስ ሥር ሊገቡ ይችላሉ። ግን አራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው የእናንተ የአለካክ ችግር ነው፤ ምናልባት ዘርፉን ጨምራችሁ ለክታችኋል፣ ወይም ጨርቁን እየሳባችሁ። ሁለተኛው ጥጡ ውሃ ሲነካው መሰብሰቡ ነው። ሦስተኛው ላይ ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ገዢው ግን ለምን ያህል ቁመት እንደሚሆን የነገረው የለም። አራተኛው ጋቢንና ቡሉኮን መቀላቀል ነው፤ ቡሉኮ ከጋቢ የሚወፍርና የሚከብድ ሌላ ዕቃ ነው። አራቱን «አንዳንድ ደንበኞች ትንሽ ነው ብለዋል» በሚል አንድ መስመር ብትጽፉ ማንንም አይረዳም። ያላግባብ ዕቃችሁንም ያሳንሳል።

መለያው ቀላል ነው። ቅሬታው ግልጽ ካልሆነ ገዢውን መልሳችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። «ሳይታጠብ ነው ወይስ ከታጠበ በኋላ?» ብዙ ጥያቄ ከደረደራችሁ ሰው ይሰለቻል፣ አይመልስም። አንድ አጭር ጥያቄ ግን፣ በተለይ ይቅርታና ምስጋና ከታከለበት፣ አብዛኛው ሰው በደስታ ይመልሳል።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ የተደበቀ ነው። አንዱ ገዢ «ሻካራ ነው፣ ሰውነቴን አሳከከኝ» ይላል። ሌላዋ «እንዴት ያለ ልስልስ ያለ ጋቢ ነው!» ትላለች። ሻጩ ግራ ይጋባና ሁለቱን እርስ በርስ አጣፍቶ ይተዋቸዋል። ቀኑን ካያችሁት ግን ነገሩ ይገለጻል። የመጀመሪያው የጻፈው ዕቃው በደረሰው ማግስት ነው። ሁለተኛዋ የጻፈችው ከወራት በኋላ ነው። በሽመና ጊዜ ድሩ እንዳይበጠስ ብዙ ጊዜ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ የመሰለ ነገር ይቀባል። ይህ ሳይታጠብ ጨርቁን ድርቅ ያደርገዋል። ሲታጠብ ይለቃል፤ ጥጡም እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልዩነታቸው የጊዜ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንድ ትክክለኛ መስመር ይወጣል፦ «አዲስ ሲሆን ድርቅ ይላል፤ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ይለሰልሳል።» ይህን መስመር ከምስጋናው ብቻ አታገኙትም፣ ከቅሬታውም ብቻ አታገኙትም።

ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ አስተያየት ስታገኙ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ። ሁለቱን ሰዎች ምን እንደለያቸው ፈልጉ። ጊዜው ነው? አጠቃቀሙ ነው? ያሉበት አገር ነው? «ከባድ ነው» የሚል ጉዞ ላይ ሻንጣ ውስጥ ያስገባው ሊሆን ይችላል። «ከብዶ ደስ ይላል» የሚለው ደግሞ ለብሶት የተኛ ነው። እዚህ ላይ የሚጻፈው ክብደቱ ነው፤ ገዢው ራሱ ይፍረድ።

ስለ ማድረስ፣ ስለ ዋጋና ስለ ስልክ አለማንሳት የመጣውን ለብቻው አስቀምጡ። ልታዩት ይገባል፣ ግን የጋቢው መግለጫ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስንት ሰው ሲለው ነው የሚጻፈው?

አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢደውል አንድ ሰው ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ጋቢ ቢናገሩም አንድ ነው። የማይተዋወቁ ሦስት ገዢዎች፣ ስለ ሦስት የተለያዩ ጋቢዎች ተመሳሳይ ነገር ሲሉ እኔ መለካት እጀምራለሁ። ይህ ሕግ አይደለም፤ በወር አሥርና ሃያ ለሚሸጥ ሰው የሚሆን መነሻ ነው። ብዙ የምትሸጡ ከሆነ ከስንት ውስጥ ስንት እንደሆነም አስቡ። ከአሥር ገዢ ሦስቱ ማለትና ከሦስት መቶ ሦስቱ ማለት እኩል አይደለም።

ሁለት ነገር ግን ሦስተኛ ሰው አይጠበቅባቸውም። ጥለቱ ቀለም ለቆ ነጩን አበላሸ ከተባላችሁ፣ ወይም ጨርቁ ውስጥ መርፌ ወይም ስለት ነገር ተገኘ ከተባላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ያላችሁን ሁሉ መርምሩ።

መለካት

ከዚህ በኋላ የገዢውን ቃል ትታችሁ ወደ ዕቃው ትሄዳላችሁ። ገዢው የት ማየት እንዳለባችሁ ጠቁሟችኋል። ምን እንዳለ የሚነግራችሁ ግን ሜትሩና ሚዛኑ ነው።

በመጠን እንጀምር። ጋቢውን ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጉት፣ እጥፋቱን በእጅ ዳበስ አድርጋችሁ አስተካክሉ። አትሳቡት። ሸማ ሲሳብ በቀላሉ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ስትለቁት ይመለሳል። ርዝመቱን ሦስት ቦታ ለኩ፦ በሁለቱ ጠርዝና በመሃል። ዘርፉን አትጨምሩ፤ ለብቻው ጻፉት። ከእያንዳንዱ ሸማኔ ቢያንስ ሁለት ጋቢ ለኩ። ያገኛችሁት 236፣ 240፣ 238፣ 244፣ 235 እና 241 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መግለጫው «240» አይልም። «ከ235 እስከ 244» ይላል። አንድ ቁጥር ከጻፋችሁ፣ 235ቱ የደረሰው ሰው እንደተታለለ ይሰማዋል። ክልሉን ከጻፋችሁ ግን የእጅ ሥራ መሆኑን ይረዳል።

ቀጥሎ መሰብሰቡ አለ። ደብተሩ ላይ «አጠረ» ያሉትን መስመሮች ስታዩ «የት አገር» የሚለውን አብራችሁ እዩ። ብዙዎቹ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ስቶክሆልም ወይም ዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ያሉት ዝም ካሉ፣ ጋቢው አገር አይለይም፤ እጥበቱ ነው የሚለየው። እዚህ ብዙ ሰው ጋቢ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ በእጁ ያጥባል፣ ገመድ ላይ ያሰጣል። እዚያ ማሽን አለ፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ከዚያ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ጥጥ ሲፈተልና ሲሸመን ተወጥሮ ይቆያል። ሙቀት፣ ውሃና መገላበጥ አንድ ላይ ሲሆኑ ያ ውጥረት ይለቅና ክሩ ይሰበሰባል።

ይህን ለማረጋገጥ ከአንድ ሸማኔ፣ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ሁለት ጋቢ ውሰዱ። ሁለት ጋቢ ማበላሸት ውድ ነው ካላችሁ፣ ጥለቱ የተበላሸ ወይም ጉድፍ ያለበት ይበቃል። ሁለቱንም ለኩ፤ ሁለቱም 240 በ150 ናቸው እንበል። አንዱን በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ አጥባችሁ ገመድ ላይ አስጡ። ሌላውን በማሽን በ60 ዲግሪ አጥባችሁ በማድረቂያ አድርቁ። ማድረቂያ ከሌላችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም የታመነ ደንበኛ ይሞክርላችሁ፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ እንዲለካ አድርጉ። በደንብ ሲደርቁ፣ ሳትስቡ ለኩ።

የመጀመሪያው 233 በ147 ሆነ እንበል። ሁለተኛው 218 በ139። አሰላሉ እንዲህ ነው፦ የቀነሰውን ለመጀመሪያው ልክ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። የመጀመሪያው በርዝመት 7 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ፤ 7 ለ240 ሲካፈል ወደ 3 በመቶ ነው። ሁለተኛው 22 ቀነሰ፤ ወደ 9 በመቶ። አንድ እጥበት ላይ አታቁሙ። ሁለት ጊዜ ድገሙት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት መሰብሰቡን ላይጨርስ ይችላል። ከሦስተኛው በኋላ ያገኛችሁትን ልክ ውሰዱ፤ በምሳሌያችን ልኩ ያው ሆኖ ቆየ እንበል።

አሁን ቅሬታው ሌላ መልክ ያዘ። «ጋቢው ሲታጠብ ያጥራል» የሚል መስመር ብትጽፉ በእጅ የሚያጥበውን ያለምክንያት ታስፈሩታላችሁ። ማድረቂያ የሚጠቀመውን ደግሞ በበቂ አታስጠነቅቁትም። ትክክለኛው መስመር ሁለት እጥበት፣ ሁለት ቁጥር ያለው ነው።

ስለ ክሩም አጣሩ። «100% ጥጥ» የሚለው ቃል መግለጫ ላይ ከሁሉ በላይ ሳይጣራ የሚጻፍ ነው። የጋቢው አካል ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ የጥለቱ ቀለማማ ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ከትራፊ ክሩ ትንሽ ቆርጣችሁ በብረት ሳህን ላይ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነካ የሚበተን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጉብታ ይሆናል። ሙከራው ግን ገደብ አለው። ሬዮን ከዕፅዋት ስለሚሠራ እንደ ጥጥ ይነዳል፤ በዚህ መንገድ ከጥጥ አትለዩትም። ስለዚህ የጥለቱ ክር እንደ ወረቀት ከነደደ ክሩን የሸጠላችሁን ጠይቁ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «አካሉ ጥጥ» ብቻ ጻፉ።

ለቀለሙ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ሳሙና ውሃ አርሱና ጥለቱ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ጫን አድርጋችሁ አቆዩት፣ ከዚያም እሹት። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ከወጣ ጥለቱ ይለቃል። ቀይና ጥቁር ያለበትን በተለይ ሞክሩ።

ምስጋናውን ወደ መስመር መለወጥ

ሻጭ በቅሬታ ላይ ይጠነቀቃል፤ ምስጋና ላይ ግን ይዘናጋል። የሚያሳስቱ መስመሮች በብዛት የሚወለዱት ከምስጋና ነው።

አንዲት ገዢ «የእናቴን ፈትል አስታወሰኝ» ብትል ሻጩ ደስ ይለውና «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል» ብሎ ይጽፋል። እሷ ግን የተናገረችው ስለ ትዝታዋ ነው። ዛሬ ብዙ ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ነው የእጅ ፈትል የሚሆነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሸማኔው ነው። ጠይቁትና የነገራችሁን ጻፉ፦ «ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል።» ይህ መስመር ለሚያውቅ ሰው ከየትኛውም «ምርጥ ጥራት» ይበልጣል።

«በጣም ያሞቃል» የሚለው ከሁሉ የበዛ ምስጋና ይሆናል። እሱን ለመጻፍ የት ሆነው እንዳሞቃቸው ተመልከቱ። አዲስ አበባ በክረምት ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ። ጎንደር ውስጥ አልጋ ላይ፣ ከብርድ ልብስ በላይ ተደርቦ። ቅሬታውስ? «ሚኒሶታ ውጭ ወጥቼበት ምንም አላሞቀኝም።» ይህም እውነት ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፤ ሽመናው ግን ንፋስን አያቆምም። ከሦስቱ አስተያየት የሚወጣው መስመር ይህን ይመስላል፦ «ቤት ውስጥ ለቀዝቃዛ ምሽትና ለአልጋ ድራቢ ይሆናል። ንፋስ ያሳልፋልና ለውጭ ብርድ ብቻውን አይበቃም።» «ብርድን የሚረታ» ብትሉ የሚኒሶታው ሰው ዳግም አይገዛችሁም።

«ለስላሳ»፣ «ቆንጆ»፣ «ግሩም» የሚሉ ቃላት ሲደጋገሙ ከኋላቸው ምን እንዳለ ፈልጉ። ሰዎች «ቆንጆ» ሲሉ ስለ ጥለቱ ስፋት እያወሩ ከሆነ የጥለቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ምንም የሚለካ ወይም የሚታይ ነገር ካላገኛችሁላቸው ተዉአቸው። ፎቶው ይናገር።

የገዢን ቃል በጥቅስ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ስሙንም አታውጡ። «ሁሉም ደንበኞቻችን ይወዱታል» ግን በፍጹም አትጻፉ። ሁሉንም አልጠየቃችሁም።

ቅሬታውን ወደ መስመር መለወጥ

እዚህ ላይ ቅርጹ ሦስት ክፍል አለው፦ ምን ይሆናል፣ መቼ ይሆናል፣ ገዢው ምን ያድርግ። ለምሳሌ ብዙ ሰው «ጥቁር ልብሴን ጥጥ በጥጥ አደረገብኝ» ካለ፦ «አዲስ ሲሆን የጥጥ ብናኝ ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ለብቻው እጠቡት፤ ከጥቁር ልብስ ጋር አትደባልቁት።» ይቅርታ የለውም፣ ማባበያም የለውም። ገዢው ካነበበው ሲደርሰው አይደነግጥም።

«አንዳንድ ጊዜ»፣ «ትንሽ»፣ «ሊኖር ይችላል» የሚሉ ቃላት ቅሬታን ለማለስለስ ይገባሉ። ቁጥር ካላችሁ አውጡአቸው። «ትንሽ ሊሰበሰብ ይችላል» እና «በሙቅ ውሃና በማድረቂያ እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል» መካከል ያለውን ልዩነት ገዢው በእግሩ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ያልለካችሁትን አታጋንኑ። ሁለት ጋቢ አጥባችሁ «ሁልጊዜ 9 በመቶ ይሰበሰባል» ማለት አትችሉም። «ስንሞክረው ይህን ያህል ቀነሰ» በሉ።

ስለ ቀለም የሚመጣው ቅሬታ ብዙ ጊዜ «ፎቶው ላይ ነጭ ነበር፣ የመጣው ክሬም ነው» የሚል ነው። ያልነጣ ጥጥ በተፈጥሮው ወደ ክሬም ያደላል፤ ስልክ ደግሞ ፎቶውን ያበራዋል። «ክሬም ነጭ» ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጋቢውን ከነጭ ወረቀት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ አንስታችሁ አንድ ፎቶ ጨምሩ። ይህን ቅሬታ ከጽሑፍ ይልቅ ፎቶው ያቃልለዋል።

የማይጻፍ ጉድለት

ሁሉም ቅሬታ መግለጫ ውስጥ አይገባም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ጉዳዩ የዕቃው ባሕርይ ነው ወይስ መስተካከል የሚችል ስህተት? ጥጥ መሰብሰቡ፣ መጀመሪያ ድርቅ ማለቱ፣ ልኩ ትንሽ መለያየቱ ባሕርይ ነው፤ ይጻፋል። ጥለቱ ቀለም መልቀቁ፣ ድርቦቹን ያያያዘው ስፌት መፈታቱ፣ አንዱ ጋቢ ከሌሎቹ ሳስቶ መምጣቱ ስህተት ነው፤ ይስተካከላል። «ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ተጠንቀቁ» ብሎ ጽፎ መሸጥ ችግሩን ገዢው ላይ መጣል ነው። ክሩን ቀይሩ። እስኪቀየር ድረስ ያንን ጥለት አትሽጡ።

ሁሉም ሲገናኝ

ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ጽሑፍ በመደበኛ አካውንት 1024 ፊደልና ምልክት ድረስ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እኔ መጠኑን አስቀድማለሁ፣ ከዚያ እጥበቱን፣ ከዚያ አጠቃቀሙን። ብዙ ቅሬታ ያመጣው ነገር ወደ ላይ ይወጣል። እስካሁን ካየነው የሚወጣው መግለጫ ይህን ይመስላል፦

> ጋቢ፣ አራት ድርብ፣ በእጅ የተሸመነ
> መጠን (ሳይታጠብ፣ ያለ ዘርፍ)፦ ርዝመት ከ235–244፣ ስፋት ከ147–152 ሴ.ሜ። የእጅ ሥራ ስለሆነ እያንዳንዱ ትንሽ ይለያያል፤ የሚላክልዎትን ትክክለኛ ልክ ከመክፈልዎ በፊት እንነግርዎታለን።
> ሲታጠብ፦ 240 ሴ.ሜ. የነበረው በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ሲታጠብ 233 ሆኗል። በማሽን 60 ዲግሪ ታጥቦ በማድረቂያ ሲደርቅ 218 ሆኗል። ማድረቂያ ውስጥ አያስገቡት።
> ክሩ፦ ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ቀለሙ ክሬም ነጭ፤ ሁለተኛውን ፎቶ ይመልከቱ።
> አዲስ ሲሆን ድርቅ ይላል፣ የጥጥ ብናኝም ይለቃል። ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ለብቻው ይጠቡት።
> ቤት ውስጥ ለቀዝቃዛ ምሽትና ለአልጋ ድራቢ ይሆናል። ንፋስ ያሳልፋል፤ ለውጭ ብርድ ብቻውን አይበቃም። ከቡሉኮ ይሳሳል።
> ክብደት፦ 1.4 ኪ.ግ. አካባቢ።

ረጅሙ ባል ያላት ገዢ እዚህ ውስጥ መልሷን ታገኛለች። የምትፈልገው 233 ከታጠበ በኋላ ይበቃታል ወይስ አይበቃትም የሚለውን ብቻ ነው። ዱባይ ያለውም ማድረቂያውን ይተዋል፣ ካልተወም ምን እንደሚሆን ያውቃል። «ከመክፈልዎ በፊት እንነግርዎታለን» የሚለውን ግን ማድረግ ከቻላችሁ ብቻ ጻፉ። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ጋቢ የሚለካ ሰው ከሌለ ይውጣ።

ከለጠፋችሁ በኋላ

ደብተሩ ላይ መግለጫው የተለወጠበትን ቀን አስምሩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ከመስመሩ በታች ጻፉ። «አጠረብኝ» የሚለው ቀርቶ «233 ማለት ለ1 ሜትር ከ85 ሰው ይበቃል?» የሚል ጥያቄ መምጣት ከጀመረ መስመሩ እየተነበበ ነው። ያው ቅሬታ በዚያው መጠን ከቀጠለ ግን ሁለት ነገር አጣሩ። መጀመሪያ መስመሩ የት እንዳለ እዩ፤ ጽሑፉ ታጥፎ «ተጨማሪ» ካልተጫነ የማይታይ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጋቢውን እንደገና ለኩ። ሸማኔው ክር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ የክር ዋጋ ሲወደድ ይህ ይደርሳል። ያኔ የቆዩት ቁጥሮች የሌላ ጋቢ ቁጥሮች ናቸው።

አዲስ ሸማኔ ስትይዙ የድሮውን መግለጫ አትገልብጡ። ከመጀመሪያው ርክክብ ሁለቱን ለክታችሁ አንዱን እጠቡ፤ ጥለቱን በነጭ ጨርቅ ሞክሩ። ልኩ ከድሮው ክልል ከወጣ ለብቻው ፖስት ይሠራለት። ጉድለቱን ያስተካከላችሁለት ነገር ካለም፣ ለምሳሌ ጋቢውን ሳትሸጡ በፊት አጥባችሁ መስጠት ከጀመራችሁ፣ ስለ ድርቀትና ስለ ብናኝ የሚለውን መስመር አውጡ፣ መጠኑንም በታጠበው ልክ ቀይሩ። መስመሩ የሚቆየው ስለ ዕቃው እውነት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።